ቁልፉን አስረከብኩ፣ እግሩ ቀረ

እናቴ ጡረታ የወጣች የቢሮ ጸሐፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የአለቆችን ደብዳቤ ስትተይብ ስለኖረች፣ እኛ ቤት ውስጥ ደብዳቤ የሚባል ነገር ከተነሳ ሌላው ዝም ይላል፣ እሷ ትናገራለች። ሥራ የምለቅበትን ደብዳቤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳነብላት ሽንኩርቱን መክተፏን እንኳ አላቋረጠችም። በጆሮዋ ነው ያረመችው።

«"ሥራዬን ለቅቄያለሁ" አይባልም» አለች። «የተኮራረፋችሁ ይመስላል። "ለመልቀቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ" በይ።»

«እማዬ፣ መልቀቅ እኮ መብቴ ነው።»

«መብትሽን በአክብሮት ብትጠይቂው ምን ይጎድልብሻል? ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ነርሶችን ለማስተማር የሚያበቃኝን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባቴን፣ ደንቡ የሚጠይቀውን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ከዛሬ ጀምሮ መስጠቴን አነበብኩላት። ምስጋናው ላይ ስደርስ ቢላዋውን ቁጭ አደረገችው።

«አለቀ? ይሄ ነው ምስጋናው? እዚያ ቤት ስትገቢ መርፌ ስትይዢ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙያ አስተምረው፣ ደሞዝ ከፍለው፣ ሰው አድርገውሽ "አመሰግናለሁ" ብለሽ ልትወጪ ነው?»

ጨመርን። ሥራ አስኪያጁን አመሰገንን፣ የነርሶች ኃላፊዋን አመሰገንን፣ ሐኪሞቹን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ የሥራ ባልደረቦቼን አመሰገንን። የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያጥቡትን ሴቶች እኔው ራሴ ነኝ ያስገባኋቸው። እናቴን ባላስቆማት የግቢውን በርም ታመሰግነው ነበር።

በመጨረሻ ሁለተኛው ገጽ ላይ የርክክቡ ዕቅድ አለ። በእሱ ኮርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የቁስል ማጠቢያ ክፍሉን የመደርደሪያ ቁልፍ፣ መቀሶቹን፣ መቆንጠጫዎቹን፣ የፋሻና የጓንት ክምችቱን፣ የቀጠሮ መዝገቡን ለማን፣ መቼ እንደማስረክብ አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች፤ በእሷ ቤት ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ዝምታዋ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። ዩኒቨርሲቲው የሚመዘግበኝ ከመሥሪያ ቤቴ መልቀቂያ ይዤ ስሄድ ብቻ ነው። የምዝገባው ቀን ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያለፈው ዓመት እኔ ራሴ ተጠባባቂ ነበርኩ፤ የማንም ቦታ ሳይለቀቅ ቀርቶ ዓመቱ አለፈኝ። እናቴ ያኔ ምንም አላለችኝም፤ ሻይ ስታቀብለኝ ብቻ ከወትሮው አንድ ማንኪያ ስኳር ትጨምርልኝ ነበር። ስለዚህ ያቺ የመልቀቂያ ወረቀት ለሁለታችንም ቀላል ወረቀት አልነበረችም።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ለሜትሮን ወሰድኩላቸው። ሜትሮን የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ አለቃ ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አነበቡትና ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ይሄን ነበር የምፈልገው!»

ከዚያ ተቀመጡ፣ ደስታውም አብሮ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጡ።

«መደርደሪያውን ታስረክቢያለሽ። መቀሱን ታስረክቢያለሽ። ፋሻውን በጥቅል ቆጥረሽ ታስረክቢያለሽ። ጥሩ ነው።» ቀና አሉ። «ጋሽ ሾፌርን ለማን ነው የምታስረክቢው?»

ጋሽ ሾፌር ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የስኳር በሽታው እግራቸውን አደንዝዞባቸው፣ የረገጡት ምስማር ጫማቸውን በስቶ እግራቸው ሲገባ ሳያውቁት ውለዋል። ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣውን ቁስል ለማሳጠብ በየሁለት ቀኑ ወደ እኛ ይመጣሉ። ቁስሉ እየዳነ ነው። አንዴ ግን እኔ የዓመት ፈቃድ በወጣሁ ጊዜ መጥተው፣ ሌላ ነርስ ክፍሉ ውስጥ ሲያዩ «እሷ ስትመለስ እመለሳለሁ» ብለው ቤታቸው ሄዱ። ስመለስ ቁስሉ ይሸታል፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አብጧል። ተኝተው መታከም ግድ ሆነ፣ ሐኪሙም ጣት ስለመቁረጥ ማውራት ጀምሮ ነበር።

«ተረኛ የሆነው ነርስ ያጥብላቸዋል» አልኩ።

«ተረኛ የሆነው! ያኔም እኮ ተረኛ ነበረ።» ሜትሮን ደብዳቤው ራስጌ ላይ መሩበትና ወደ ሰው ሀብት ክፍል የሚሄደው ትሪ ውስጥ አስቀመጡት። «ደብዳቤሽ ዛሬ ይሄዳል፣ ወርሽም ከዛሬ ይቆጠራል፤ በዚህ አልከለክልሽም። የርክክቡ ቅጽ ግን እኔ ሳልፈርምበት ክሊራንስሽ አያልቅም፣ ክሊራንስሽ ካላለቀ መልቀቂያ የለም። እኔ ደግሞ የምፈርመው እዚያ እግር ላይ የሌላ ሰው እጅ ሳይ ነው። ማስተማር ልትማሪ አይደል የምትሄጂው? በይ ከዚሁ ጀምሪ።»

ንግግራቸው ቆረቆረኝ። እሳቸው ትክክል ባይሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆረቆረኝ።

የሚተካኝን ሰው ለመምረጥ አልተቸገርኩም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ አለች፤ ሁላችንም ሹክሹክታ ነው የምንላት። እጇ ወርቅ ነው። ድምፅዋ ግን የለም ማለት ይቀላል፤ ስትስቅ እንኳ የሚስቀው ትከሻዋ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህኛው ክፍል ስናገር መድኃኒት ቤት ድረስ የምሰማ ሰው ነኝ። ነገሩን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

«እሺ ይሉኛል?» አለች።

«ምን?»

«ጋሽ ሾፌር፤ እሺ ይሉኛል ወይ?»

«እኔ አለሁ አይደል! ምን ያስፈራሻል?» አልኳት። ችግሩ ይኸው የእኔ መኖር መሆኑን ያን ቀን የነገረኝ አልነበረም።

ጋሽ ሾፌር በቀጠሯቸው መጡ። እንደ ወትሮው አልጋው ላይ ተደግፈው እግራቸውን ዘረጉ። ልሄድ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ለዓለም ሁሉ ደብዳቤ ጽፌ ለእሳቸው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ፊታቸውን ሳይ እየፈራሁ ነበር። «ዛሬ እህታችን ታግዘኛለች» ብቻ አልኳቸው።

ሹክሹክታ እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሽ ሾፌር።

«ትኩሳት አልነበረዎትም ወይ ነው የምትለው!» አልኩ በዚያ ድምፄ።

«የለኝም። ለምን እሷው አትናገርም?»

«ተናግራለች እኮ ጋሼ!»

አሮጌው ጎዝ፣ የቁስል መሸፈኛው ስስ ጨርቅ፣ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሹክሹክታ የጨው ውሃውን አፍስሳ እስኪርስ ትጠብቃለች። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ደርቆ የተጣበቀ ጎዝ ከተጎተተ የዳነውን ሥጋ ይዞ ይነሳል። ነገር ግን ሌላ ሰው ሲጠብቅ ማየት ራስ እንደመጠበቅ አይደለም። ጋሽ ሾፌር ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ እሷ አየሁ፣ እሷ መሬት መሬት አየች። መቆንጠጫውን ከእጇ ወሰድኩት። በሚቀጥለውም ቀጠሮ ወሰድኩት። በሌላኛውም «አንዴ ላሳይሽ» ብዬ ወሰድኩት። ወሩ ይሄዳል፣ እኔ አሁንም አሳያታለሁ።

ነገሩን ያፈነዳችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ራዲዮ እንላታለን፣ ወሬ ካለ እሷ ሳታሰራጨው አይውልም። ፋሻውን እየጠቀለልኩ ሳለ በሩን በመጥረጊያዋ ገፋ አድርጋ ገባች።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ነው አሉ! ምነው ደብቀሽን? ወሩ መጨረሻ ላይ እኮ ነው የምትሄደው፣ ጋሽ ሾፌር! እርስዎም አልሰሙም?»

የራዲዮን ድምፅ ማንም ይሰማል። ጋሽ ሾፌር ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ጫማቸውን ለመልበስ ጎንበስ አሉ። እንደ ልማዴ ጫማቸውን ተቀብዬ ውስጡን ዳሰስኩና አቀበልኳቸው። ተቀብለውኝ ለበሱና ወጡ። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው አልመጡም።

ስልክ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። «አባባ አልሄድም ብሏል፣ ሲስተር» አለችኝ። «ፋሻውን ራሴ እቀይራለሁ ይላል። ብለምነው ብለምነው እምቢ አለኝ። ስለ ፈጣሪ አንቺ አንድ ነገር በዪው።»

የምዝገባው ቀን ትዝ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያ ያበጠ እግር ትዝ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ምዝገባውን ረሳሁት። ከሥራ እንደወጣሁ ቤታቸው ሄድኩ።

ጋሽ ሾፌር ግቢያቸው ውስጥ ከአውቶቡስ የተነቀለ ባለ ሁለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸው እሱን ነው። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል፣ ይህን ምክሬን እንኳን አልተዉም። ቀና ብለው አዩኝና በስተቀኛቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አጥሩን እናያለን፣ መንገድ የጀመርን ይመስል።

«ከመጥረጊያ ሰማሁት» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። መንገር አቃተኝ።»

«ምን ያቅታል? አፍ አለሽ። ያውም ትልቅ።»

«አለኝ።»

«ይሄ ደብዳቤ የሚሉት የታለ? ይዘሽዋል?»

ግልባጩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እየነዱ አነበቡ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ይቆማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይቀጥላሉ።

«ለሥራ አስኪያጁ ምስጋና። ይገባዋል። ለመድኃኒት ቤቱ ምስጋና። ለአንሶላ አጣቢዎቹ ሳይቀር።» ገጹን ገለበጡ። «ይሄ ደግሞ መቀስና ፋሻ ነው። እኔ የት ነኝ?»

እዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም ሰው የበለጠ ያወራሁት ከእሳቸው ጋር ነው። ቁስል ማየት ያስተማረኝ የእሳቸው እግር ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ፈተና ስፈተን ስለ ቁስል የተጠየቅኩትን የመለስኩት ያን እግር በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነበር። እናቴ በሩን ሳይቀር ልታስመሰግነኝ ስትል፣ እኔም እሷም አንድም በሽተኛ ትዝ አላለንም። አፈርኩ።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

«ልክማ ነኝ።» ደብዳቤውን መለሱልኝ። «አትሂጂ አላልኩም። ሂጂ፣ ተማሪ፣ ደስ ይለኛል። ያቺን ልጅ ግን አልሰማትም። እግሬ አይሰማኝም፣ ጆሮዬም ካልሰማ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ቀረልኝ? ምን እየተሠራብኝ እንደሆነ የማውቀው ባንቺ ጩኸት ነው።»

ይህንንም አላውቅም ነበር። የሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር፤ ይወዱኝም ይሆናል፣ የፈለጉት ግን የሚሰማ ድምፅ ነበር።

«ሌላም ልንገርሽ» አሉ። «እኔ አዲስ ሾፌር አሠለጥን ነበር። መጀመሪያ የሰጡኝ ልጅ ጎበዝ ነበር። ኩርባ ስንደርስ ግን መሪውን እነጥቀዋለሁ። ከባድ መኪና ሲመጣ እነጥቀዋለሁ። ልጁ ሰነፍ መሰለኝ። አለቃዬ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አየንና "እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ፣ እስክንደርስ እንዳታነሳው" አለኝ። እኔ የነዳሁት ገደል አለ፣ ጭቃ አለ፤ እንደዚያ ቀን ያላበኝ ግን የለም።»

«ልጁስ?»

«ነዳ። ምን ይሆናል? ድሮም ያውቅ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። መቆንጠጫውን ስትነጥቂያት አያለሁ። ነገ እመጣለሁ። አንቺ ግን እጅሽ ጭንሽ ላይ። አፍሽም!»

«አፌ ጭኔ ላይ አይደርስም እኮ ጋሼ።»

ሳቁ። ስቀውልኝ ስለማያውቁ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን ይስቁልኛል ብዬ ስላልጠበቅሁ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ሐኪሙ እግራቸውን አየላቸው። ቁስሉ እንደ ፈራሁት አልተበላሸም፤ የተዘለለው አንድ ቀጠሮ ብቻ ስለነበር እግዜር ይመስገን። ቁስል ማጠቢያ ክፍል ገቡ። እኔ ጥግ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሹክሹክታን በኮሪደሩ «ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ አውጪው» ብዬ መክሬያት ነበር። ጮኸች። የእሷ ጩኸት የሌላ ሰው ተራ ወሬ አያክልም።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ሾፌር እኔን እያዩ።

ከንፈሬን ነክሼ ጣሪያውን አየሁ።

ሹክሹክታ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የዕቃ ጋሪውን ገፋችው፤ በአልጋው ግርጌ አዙራ በስተግራቸው አቆመችው። ጋሪው ሁልጊዜ በቀኝ ነው የሚቆመው፣ እኔ ሥራ ስጀምርም እዚያው ነበር። በርጩማዋን ስባ በግራቸው ተቀመጠችና በዚያው በሹክሹክታዋ አንድ ነገር አለቻቸው።

«ደህና አደርኩ፣ ልጄ!» አሉ ጋሽ ሾፌር። ራሳቸው ደነገጡ። «ሰማኋት!»

«እንዴት?» አልኩ እኔ፤ አፍ እንደተከለከልኩ ረስቼ።

«ሞተሩ በቀኜ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሲጮህብኝ ቀኝ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ግራው ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ በየትኛውም ትገቢያለሽ እኮ። አንዳንዴ እንዲያውም ትንሽ ብትቀንሺው እላለሁ።»

ሹክሹክታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ስልክ ሲደወልላቸው በግራ ነው የሚያነሱት» አለች። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስጮህባቸው ያላየሁትን እሷ በሦስት አራት ቀጠሮ አይታዋለች። ቀናሁባት፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱ አብረው መምጣት ይችላሉ።

ሥራው ተጀመረ። ጎዙ እንደ ልማዱ ተጣብቋል። የጨው ውሃውን አፈሰሰች፣ ጠበቀች። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ መላወስ ጀመሩ። አንድ እጄ ትንሽ ብድግ ሳይል አይቀርም።

«እጅ ከመሪው!» አሉ ጋሽ ሾፌር።

እጆቼን ቂጤ ስር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ጎዙ በራሱ ላላና በቀስታ ተነሳ። ሹክሹክታ የምታየውን ሁሉ ለጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ እኔ ጋ የሚደርሰው እንጥፍጣፊው ነው። ሽታ የለውም። ጠርዙ ቀይ፣ ንጹሕ ሥጋ ነው። በወረቀት መለኪያው ለካችው፤ ካለፈው ጠቧል። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በእጇ ጀርባ ነካ ነካ አድርጋ ሙቀቱን ከሌላኛው እግራቸው ጋር አስተያየችው። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። እኔን በጥያቄ ጋጋታ ያስቸገሩበት ቀን አልነበረም። ለካ በእኔ ጩኸት ላይ ጥያቄ ማስገቢያ ቀዳዳ አልነበረም።

አጠበች፣ አዲስ ጎዝ አደረገች፣ ፋሻውን ጠቀለለች፤ ላላ አላለም፣ አልጠበቀም። አበቃ ብዬ ስተነፍስ ጫማው ትዝ አለኝ። ጫማው በዕቅዴ ላይ የለም! እግሩ የማይሰማ ሰው ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡ በእጅ መዳሰስ አለበት፤ ያ ምስማርም ጫማው ውስጥ የዋለው እንዲያ ሳይዳሰስ ነው። እኔ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ልማድ ስለሆነብኝ ሥራ አልመሰለኝም፣ ስለዚህ አልጻፍኩትም። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሾፌር አዩኝ። አፌን ዘጋሁ። የከበደኝ ይሄኛው ነው።

ሹክሹክታ በርከክ ብላ ጫማውን አነሳች። ገልብጣ አራገፈችው። ከዚያ እጇን አስገብታ ከጫፍ እስከ ተረከዝ በቀስታ ዳሰሰች። ተረከዙ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከንጣፉ ስር የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየቻቸው።

«ይሄን ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሽ» አለች። «ሁልጊዜ ታደርጊዋለሽ።»

«ዕቅዱ ላይ ግን አልጻፍኩትም።»

«አዎ» አለች በትሕትና። «አልጻፍሽውም።»

ሜትሮን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ቅጹን ይዘዋል ብዬ እጃቸውን አየሁ፤ ባዶ ነው። «ጥሩ ነው» አሉ። «ዛሬ ግን አንቺ እዚህ ነበርሽ። በሚቀጥለው አንቺ በሌለሽበት ልየው።»

ማታ ከእራት በፊት እናቴን ደብዳቤውን ላስተካክለው ነው አልኳት። «አይቻልም» አለች። «መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አይነካም። ተጨማሪ ማስታወሻ ይያያዝበታል።» ስለዚህ ተጨማሪ ማስታወሻ ጻፍን። እንዲህ ይላል፦

«ቀደም ሲል ባቀረብኩት ደብዳቤ ላይ ምስጋና ሳቀርብ፣ ቁስላቸውን አምነው የሰጡኝን ታካሚዎች ሳላነሳ ቀርቻለሁ። ሙያዬን ያስተማሩኝ እነሱም ስለሆኑ ከልብ አመሰግናለሁ። በርክክብ ዕቅዱ ላይም የሚከተለው እንዲጨመርልኝ እጠይቃለሁ። እግራቸው ስሜት የሌለው ታካሚዎች ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት የጫማው ውስጥ በእጅ ይዳሰስ። ታካሚው ደህና በሚሰማው ጆሮ በኩል ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ይነገረው፣ ለጥያቄም ጊዜ ይሰጠው። የቁስሉ ዙሪያ ቢቀላ፣ ቢሞቅ፣ ቢያብጥ፣ ቢሸት ወይም ታካሚው ትኩሳት ቢኖረው በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። የጆሮውን ነገር እኔ አላውቅም ነበር፤ ያስተማሩኝ ተተኪዬ ናቸው።»

«ግልባጭ ለማን?» አለች እናቴ፤ ያለ ግልባጭ ደብዳቤ ያልቅ አይመስላትም።

«ለጋሽ ሾፌር።»

«ለበሽተኛ ግልባጭ!» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ተይባ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና «ጻፊው» አለች።

ሜትሮን ማስታወሻውን ቆመው አነበቡት፣ ከደብዳቤው ጋር እንዲያያዝም ወደ ሰው ሀብት ክፍል ላኩት። እኔም በቀሩኝ ቀናት ክሊራንሴን ይዤ ከዕቃ ግምጃ ቤት ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስዞር ሰነበትኩ። የመደርደሪያውን ቁልፍ ለሹክሹክታ ሰጠኋት። አንድ ፊርማ ብቻ ቀረኝ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ጋሽ ሾፌር ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ግልባጩ ታጥፎ ተቀምጧል። ጫፉን ነካ አድርገው አሳዩኝና ገቡ። ልከተላቸው ስል ሹክሹክታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሲስተር» አለች፤ «እባክሽ ውጪ ጠብቂን።» መጋረጃውንም ሳበችው።

ታካሚዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሆስፒታል ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ እዚያ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም፤ ጠንካራ ነው። ጆሮዬን አቀናሁ። የጋሪው ጎማ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ የውሃ ጠርሙስ ሲቀመጥ ይሰማኛል። የሚያወሩት ግን አይሰማም። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው፤ የሚነጥቁት ነገር የላቸውም።

ሜትሮን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ቅጹን ይዘዋል። መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርገው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምን እያወሩ ነው?» አሉኝ።

«እንጃ። አይሰማም።»

ያኔ ጋሽ ሾፌር ከመጋረጃው ጀርባ ከት ብለው ሳቁ። ያን ሳቅ ለእኔ ስቀውልኝ አያውቁም። ደስ ብሎኛል፣ ቅናትም አለብኝ፣ ልሄድ ነውና ከፍቶኛልም፤ ከሁሉም ግን ደስታው ይበልጣል።

«ጥሩ» አሉ ሜትሮን፤ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ።

ወረቀቱን ተቀብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። ቆይቶ መጋረጃው ተከፈተና ጋሽ ሾፌር ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። እኔን ሲያዩ ቆም አሉ።

«አንቺ እስካሁን አልሄድሽም እንዴ?» አሉኝ።

«ልሄድ ነው ጋሼ» አልኩና ብድግ አልኩ።